ድንገተኛ የዓይን ግፊት፦ ጠብታ፣ ሌዘር ወይስ ቀዶ ሕክምና? ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ግላኮማ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሳያምም፣ ቀስ እያለ፣ በዓመታት ውስጥ ብርሃን የሚነሳውን ዓይነት ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላኛው ነው፤ በአንድ ምሽት ተነስቶ ዓይንን የሚያቀላውን፣ ግንባርን የሚወጋውን፣ ሆድን የሚያገላብጠውን። ሐኪሞች ድንገተኛ የማዕዘን መዘጋት ግላኮማ ይሉታል። ሰው በዚህ ሕመም ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። መጀመሪያ ከሌላ ሕመም ጋር ያምታታውና ጊዜ ያባክናል። ቀጥሎ ደግሞ መድኃኒቱ ሕመሙን ሲያበርደው ድኛለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው፤ ሕመሙን ያመጣው የዓይን አሠራር በመድኃኒት አልተለወጠምና።

ዓይኑ ውስጥ ምን ይሆናል?

ዓይን በውስጡ ውኃ መሰል ፈሳሽ ሳያቋርጥ ያመርታል። ፈሳሹ የሚመነጨው ባለ ቀለም ከሆነው ክፍል፣ ከአይሪስ ኋላ ነው። በብሌን በኩል ወደ ፊት ያልፍና አይሪስና የዓይን ፊተኛ ጥርት ያለ ሽፋን የሆነው ኮርኒያ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ባለው ማጣሪያ ይወጣል። ይህን ጠርዝ ነው ማዕዘን የሚሉት። የሚመረተውና የሚወጣው ሲመጣጠን ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል።

አንዳንድ ሰው ግን ሲፈጠር ዓይኑ አጠር ያለ፣ የፊተኛው ክፍል ጠበብ ያለ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ እየወፈረ ይሄድና አይሪስን ከኋላ ይገፋል። ብሌን በከፊል ሲሰፋ አይሪሱና ሌንሱ አጥብቀው ይነካካሉ፤ ፈሳሹ በብሌን ማለፍ ያቅተዋል። ከኋላ የተጠራቀመው ፈሳሽ አይሪስን ልክ ነፋስ እንደነፋው መጋረጃ ወደ ፊት ያሳብጠውና ማዕዘኑ ላይ ይለጥፈዋል። መውጫው ተዘጋ፤ ማምረቱ ግን አልቆመም። ግፊቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ 50፣ 60፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል።

ብሌን የሚሰፋው ሲጨልም፣ ሰው ሲደነግጥና በአንዳንድ መድኃኒቶች ነው። ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ሃዮሲን፣ ለእንቅልፍና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው የጉንፋን ክኒኖች፣ ለአስም በጭስ መልክ የሚሰጠው ኢፕራትሮፒየም ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ጫትም ብሌን ያሰፋል። እነዚህ ሁሉ ማዕዘኑ ሰፊ የሆነ ሰው ላይ ይህን ሕመም አያመጡም፤ አደጋ የሚሆኑት አስቀድሞ ለጠበበ ዓይን ነው። ሴቶች፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የቅርብ ነገር ለማየት የሚቸገሩና ጎልቶ የሚታይ የሚያጎላ መነጽር የሚያደርጉ፣ ወላጅ ወይም እኅት ወንድም በዚህ የታመመባቸው ይበልጥ ይጠንቀቁ።

ከማዝ፣ ከማይግሬንና ከዓይን ውስጥ ቁጣ እንዴት ይለያል?

ዓይን ቀላ ሲባል የሰፈር ሰው መጀመሪያ የሚለው ማዝ ነው። ማዝ ዓይንን ያሳክካል፣ ይቆረቁራል፣ ዓይናር ያበዛል፤ ጠዋት ሽፋሽፍቱን ያጣብቃል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም ዓይን ይይዛል። ዓይናሩ ሲጠረግ እይታው እንደነበረ ነው። በድንገተኛው ግፊት ዓይናር የለም፤ ዓይኑ አንድ ነው፤ ቢጠርጉት ቢያጥቡትም ጭጋጉ አይገፈፍም።

ማይግሬን ደግሞ ከጎን በመውጋቱና በማስመለሱ ይመስለዋል። ማይግሬን ያለበት ሰው ግን ዓይኑ ቀልቶ ኮርኒያው አይደበዝዝም። ከዚህም ሌላ ማይግሬን አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል፤ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ማይግሬን» ያዘው ሲባል ዓይኑን ሳያዩ መቀበል አይገባም።

የዓይን ውስጥ ቁጣ፣ ሐኪሞች ዩቬይቲስ የሚሉት፣ ይበልጥ ይቀርበዋል፤ አንድ ዓይን ይቀላል፣ ብርሃን ያሳምማል። ልዩነቱ ብሌኑ ላይ ነው። በዩቬይቲስ ብሌኑ ይጠብባል፤ በድንገተኛው ግፊት መካከለኛ ስፋት ይዞ፣ አንዳንዴም ሞላላ ሆኖ ይቆማል፤ የስልክ መብራት ቢያበሩበት አይጠብብም።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር መሞከር ይቻላል። ታማሚው ወደ ታች እያየ ዓይኑን ይክደን። በሁለት አመልካች ጣት ጫፍ የላይኛውን ቆብ ላይ እየተፈራረቁ ቀስ አድርገው ይንኩ፤ ከዚያ ሌላኛውን ዓይን በተመሳሳይ መንገድ። ደኅናው ዓይን ጣትን ትንሽ ይቀበላል። የታመመው ጠጣር ሆኖ ጣትን ይመልሳል። ልዩነቱ ግልጽ ከሆነ ሌላ ማረጋገጫ አይጠብቁ። ልዩነት ካልተሰማዎት ግን ይህ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ጣት የዓይን ግፊት መለኪያውን ቶኖሜትር አይሆንም። ዓይኑ ቀዶ ሕክምና ወይም ምት የደረሰበት ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይጫኑት።

ከዋናው ሕመም በፊት ምልክት የሰጠ ብዙ ነው። ማታ ማታ በአምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ ይታያል፤ ቅንድብ አካባቢ ይከብዳል፤ ተኝተው ሲነሱ ጠፍቷል። የሚጠፋው በእንቅልፍ ብሌን ስለሚጠብና ማዕዘኑ ለጊዜው ስለሚከፈት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጠዋት ስለተሻለው መተው የለበትም፤ በዚያው ሳምንት ማዕዘኑ በጎኒዮስኮፒ ይታይለት። ጎኒዮስኮፒ ዓይን ላይ ትንሽ መስታወት ያለው ሌንስ አስቀምጦ ማዕዘኑን ማየት ነው፤ ግፊት ብቻ ለክቶ «ደኅና ነው» ማለት በዚህ ሕመም አይበቃም፤ በሁለት ጥቃቶች መካከል ግፊቱ 16 ሊሆን ይችላልና።

በመጀመሪያው ሰዓት ምን ይሻላል?

የአብዛኛው ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ሦስት ነው፤ ክፍሉን አጨልሞ መተኛት፣ መድኃኒት ቤት መሄድ፣ ወይም ሆስፒታል። ማጨለሙ ለሌላ ራስ ምታት ያሳርፋል፤ እዚህ ግን ብሌንን ስለሚያሰፋ ያባብሳል። መብራቱ ይብራ፤ ዓይኑ በጨርቅ አይሸፈን፤ ታማሚው በጀርባው ይተኛ፤ በጀርባ ሲተኙ ሌንሱ በክብደቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ከመድኃኒት ቤት በብዛት የሚገኘው ቴትራሳይክሊን ቅባት ነው። ቅባቱ ግፊቱ ላይ ምንም አያደርግም፤ እይታን አደብዝዞ ሐኪሙ ኮርኒያውን እንዳያይ ያስቸግራል እንጂ። የከፋው ቤት ውስጥ የቆየ ጠብታ ነው፤ አትሮፒን ወይም ሌላ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከሆነ እሳት ላይ ዘይት ነው። ለማስመለሱ ተብሎ ሃዮሲን መውሰድም እንዲሁ።

ጠበል መሄድ ወይም ዱዓ ማስደረግ የሚፈልግ ቤተሰብ ይኖራል። ያም ይሁን፤ ግን ከሆስፒታሉ በኋላ ወይም ጎን ለጎን። ግፊቱ በዚህ ከፍታ ላይ ሲቆይ ወደ ዓይን ነርቭ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ ነርቩ አንዴ ከሞተ አይመለስም። አይሪሱም ማዕዘኑ ላይ በቆየ ቁጥር ይጣበቃል፤ የተጣበቀው ቦታ በኋላ ሌዘር ቢደረግለትም ላይላቀቅ ይችላል። በስድስት ሰዓት የደረሰና በሦስት ቀን የደረሰ ሰው አንድ ዓይነት ሕክምና ቢያገኙም ውጤታቸው አንድ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ከኮምቦልቻ ደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ነው፤ ሌሊት ቢሆንም መኪና ከተገኘ እስኪነጋ አይጠበቅም። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የዓይን ግፊት የሚያወርደው አሴታዞላማይድ ካለው መጀመሪያ እዚያ ወስዶ መንገድ መቀጠል ጥሩ ነው። ከዚያ ድንገተኛ ክፍልና የዓይን ክፍል አብረው ያሉበት ይመረጣል፤ ደሴ ያለው አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለሌሊት ይሻላል። በዓይን ሕክምና ስሙ የታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከደሴ ትንሽ ወጣ ያለ ስለሆነ ቀን ላይ፣ ደውሎ ለሄደ ሰው ይቀናዋል።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ አነጋገር ዋጋ አለው። «እናቴን ያስመልሳታል፣ ራሷን ያማታል» ብለው ከጀመሩ ወረፋው የጨጓራ ወይም የደም ግፊት ይሆናል፤ ግሉኮስ ተሰክቶላት ሰዓታት ያልፋሉ። «አንድ ዓይኗ ድንገት ቀላ፣ ማየት ቀነሰባት፣ ከዚያ ነው ማስመለስ የጀመራት፤ የዓይን ግፊቷ ይለካልን» ማለት ነው የሚበጀው። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ። አስም፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የሰልፋ አለርጂ ካለባት ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱን የሚያስቀር ነገር ነው።

አንድ ሕመምተኛ በምሳሌ

የ62 ዓመት የኮምቦልቻ እናት እንውሰድ። ክብደታቸው 60 ኪሎ ነው። ሆዳቸውን ቆርጧቸው ቀን ሃዮሲን ወስደዋል። ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ቡና ጠጥተው ሲያበቁ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ የቀኝ ዓይናቸው ያማቸው ጀመር። ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው አደረ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ደሴ ደረሱ። የቀኝ ዓይን ግፊት 58፣ የግራው 17። ኮርኒያው ደብዝዟል፤ በቀኝ ዓይናቸው የእጅ እንቅስቃሴ እንጂ ጣት መቁጠር አልቻሉም።

መጀመሪያ አሴታዞላማይድ 500 ሚሊ ግራም ተሰጣቸው፤ ባለ 250 ክኒን ሁለት ማለት ነው። ማስመለሱ ካልቆመ ክኒኑ ሆድ ውስጥ ስለማይቆይ በመርፌ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ይህ መድኃኒት ዓይን ፈሳሽ ማምረቱን ይቀንሳል፤ ጣት መደንዘዝና ሽንት መብዛት ቢመጣ የሚጠበቅ ነው። አብሮ ቲሞሎል 0.5 ከመቶ አንድ ጠብታ፤ አስም ቢኖርባቸው ኖሮ ይህ ይቀር ነበር። ቁጣውን የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን ጠብታ፣ የሕመም ማስታገሻና የማስመለስ ማቆሚያም ታከለ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ግፊቱ 41 ነው። ወርዷል፤ ግን አልበቃም። ስለዚህ ከዓይን ውስጥ ውኃ የሚስበው ማኒቶል ተጀመረ። መጠኑ በክብደት ነው፤ በኪሎ 1 ግራም ሲታሰብ 60 ግራም። ባለ 20 ከመቶ ማኒቶል በ100 ሚሊ ሊትር 20 ግራም ስለሚይዝ 300 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ይገባል። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው ደካማ ቢሆን ይህ መንገድ አደገኛ ነበር።

ሰው የሚገርመው ብሌን የሚያጠብበው ፓይሎካርፒን ለምን ቀድሞ እንዳልተሰጠ ነው። ግፊቱ ከ40 በላይ ሲሆን የአይሪሱ ጡንቻ ደም አጥቶ ይደነዝዛል፤ ጠብታው ቢደጋገምም አይታዘዝም። ግፊቱ ከወረደ በኋላ ግን ይሠራል። እኚህ እናት 300 ሚሊ ሊትሩ ካለቀ በኋላ 26 ደረሱ፤ ያኔ ፓይሎካርፒን 2 ከመቶ ተደረገላቸው። ከሰዓት በኋላ ግፊቱ 19 ሆነ፤ ሕመሙ ጠፋ፤ ልጃቸውን «ልጄ፣ ድኛለሁ፣ እንሂድ» ማለት ጀመሩ።

የግራ ዓይናቸው በጎኒዮስኮፒ ሲታይ ማዕዘኑ ጠባብ ነው። ምርጫው የሚጀምረው እዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ጠብታ ይዞ ወደ ቤት መሄድ ነው። ርካሽ ነው፤ ወዲያው ያስኬዳል። ችግሩ ፓይሎካርፒን ብሌንን ቢያጠብም በብሌኑና በሌንሱ መካከል ያለውን መዘጋት አያስወግድም፤ እንዲያውም ሲቆይ ሌንሱን ወደ ፊት ያመጣዋል። ቅንድብን ያሳምማል፣ ማታ እይታን ያጨልማል፤ በቀን አራት ጊዜ የሚደረግ ጠብታ ደግሞ ሰው አንድ ሳምንት ያደርገውና ይረሳዋል። ጠብታ የድልድይ ሥራ ነው፤ ሌዘር እስኪደረስ ለቀናት። ለወራት መፍትሔ አድርጎ የሚሰጥ ሰው ካለ ሌላ ሐኪም ያማክሩ።

ሁለተኛው ሌዘር አይሪዶቶሚ ነው። በያግ ሌዘር አይሪሱ ዳር ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ስፋቱ ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ። በብሌን ማለፍ ያቃተው ፈሳሽ በዚህ ቀዳዳ ወደ ፊት ያልፋል፤ በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት ይመጣጠናል፤ አይሪሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ብሌን ቢሰፋም ፈሳሹ ሌላ መንገድ አለው። ሌዘር የሚመረጠው መንስኤው ራሱ ላይ ስለሚሠራ፣ ሆስፒታል ማደር ስለማይፈልግና ዓይን ስለማይከፈት ነው።

ሦስተኛው ሌንሱን ማውጣት ነው፤ የሞራ ቀዶ ሕክምናው ራሱ። ወፍሮ አይሪስን የሚገፋው ሌንስ ወጥቶ ቀጭን ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲገባ ማዕዘኑ ከሌዘሩም በላይ ይከፈታል። ይህ መንገድ ከማጠናከሪያ የዘለለ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በሆንግ ኮንግ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት፣ ጥቃቱ በመድኃኒት የበረደላቸው ሞራ ያለባቸው ሰዎች በሁለት ተከፍለው ለ18 ወር ክትትል ተደርጎላቸዋል። ሌዘር ከተደረገላቸው ግማሽ ያህሉ ግፊታቸው እንደገና ከፍ ሲል፣ ሌንሳቸው ከወጣላቸው ግን ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ናቸው።

ታዲያ ሁሉም ለምን ወደ ቀዶ ሕክምና አይሄድም? ከጥቃቱ ማግስት ዓይኑ የተቆጣ ነው፤ ኮርኒያው አብጧል፣ የፊተኛው ክፍል ጠባብ ነው፣ አይሪሱ ላልቷል። እንዲህ ያለ ዓይን ልምድ ላለው ቀዶ ሐኪም እንኳ ከባድ ነው፤ ብዙዎች ዓይኑ እስኪረጋ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ይመርጣሉ። በነዚያ ሳምንታት ዓይኑን የሚጠብቀው ሌዘሩ ነው። ስለዚህ ሌዘርና ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ተፎካካሪዎች አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ያስከትላል።

አራተኛው በቢላ አይሪስ ላይ ቀዳዳ ማውጣት ነው፤ ሌዘር ከመምጣቱ በፊት የነበረው መንገድ። ዛሬም ሌዘር ከሌለ፣ ወይም ኮርኒያው እንደደበዘዘ ቀርቶ የሌዘሩ ጨረር ማለፍ ካልቻለ ያገለግላል። የቀዶ ሕክምና አደጋ አለው፤ ነገር ግን ሌዘር ያለበት ከተማ መቼ እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው ያለ ምንም ቀዳዳ ከሚቆይ ይህ ይሻለዋል።

የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው። ጥቃቱ በበረደ በቀናት ውስጥ ሌዘር። እይታን የሚያስቸግር ሞራ ካለ፣ ወይም ከሌዘሩ በኋላ ግፊቱ ዳግም ከወጣ፣ ሌንሱን ማውጣት። ቶፒራሜት የተባለው የሚጥልና የማይግሬን መድኃኒት ያመጣው መዘጋት ግን የተለየ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ዓይን በአንድ ላይ ይይዛል፤ መንስኤው ብሌን ላይ ያለ መዘጋት ስላልሆነ ሌዘሩ አይረዳውም፤ መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ማቆም ነው ሕክምናው።

ደኅናው ዓይንስ?

ብዙ ቤተሰብ የሚከራከረው እዚህ ላይ ነው፤ ያልታመመ ዓይን ለምን ይነካል? ሁለቱ ዓይኖች አሠራራቸው አንድ ነው። አንዱ ጥቃት ካደረሰበት፣ ሌላኛው ሳይታከም ከተተወ በ5 ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ተመሳሳይ ጥቃት ይደርስባቸዋል። ደኅናው ዓይን ኮርኒያው የጠራ ስለሆነ ሌዘሩ ይቀለዋል፤ ስለዚህ ባለ ምሳሌያችን እናት የግራ ዓይናቸው በዚያው ቀን ሊሠራ ይችላል፣ የቀኙ ኮርኒያ እስኪጠራ አንድ ሁለት ቀን ሲጠበቅ። የታመመውን ትቶ ደኅናውን ማስቀደሙ ለቤተሰብ እንግዳ ቢመስልም ምክንያቱ ይህ ነው።

ጥቃት ለማያውቅ፣ በምርመራ ብቻ ማዕዘኑ ጠበብ ያለ ለተባለ ሰው ግን ፍርዱ ይለያል። በቻይና ጓንግዡ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው ሌዘር የችግሩን መከሰት ቢቀንስም፣ ሳይሠራላቸው በቀሩትም ቢሆን ችግር የገጠማቸው ጥቂቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ክትትል ማድረግ ከቻለ መጠበቅ ይችላል። ከሆስፒታል ርቆ የሚኖር፣ ቤተሰቡ ውስጥ ይህ ሕመም ያለበት፣ ወይም ብሌን የሚያሰፋ መድኃኒት ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ከሆነ ግን ሌዘሩን ማስቀደም ተገቢ ይመስለናል።

የሌዘሩ ቀን

ከመሄድዎ በፊት ደውለው አንድ ነገር ይጠይቁ፤ «ያግ ሌዘር አለ ወይ፣ በየትኛው ቀንስ ይሠራል?» ሐኪሙ ኖሮ መሣሪያው የተበላሸበት፣ መሣሪያው ኖሮ የሚሠራው ሐኪም በሌላ ቀን የሚገባበት ሁኔታ ያጋጥማል። ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ከተጻፈ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያለ ጠብታና ያለ አሴታዞላማይድ መንገድ አይጀመር።

ሥራው ከመጀመሩ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ፓይሎካርፒን ይደረጋል፤ አይሪሱ ተወጥሮ እንዲሳሳ ነው። ቅንድብ አካባቢ የሚሰማው ሕመም ከዚህ ጠብታ ነው። ግፊት እንዳይወጣ የሚከላከል ጠብታ፣ ቀጥሎ ማደንዘዣ ጠብታ ይጨመራል። ታማሚው አገጩን ማሳረፊያው ላይ ያደርጋል፤ ዓይኑ ላይ ቅባት ያለው ሌንስ ይቀመጣል። ጨረሩ በተተኮሰ ቁጥር ጠቅ የሚል ድምፅና ትንሽ ምት ይሰማል። አንድ ዓይን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል።

የእኛ አገር ሰው አይሪሱ ጠቆር ያለና ወፍራም ስለሆነ ተኩሱ ይበዛል፤ ቀለሙ እየረገፈ ፈሳሹን ያደፈርሳል። አንዳንድ ሐኪም ለዚህ ሲል በሌላ ሌዘር ቦታውን አስቀድሞ ያሳሳል። ትንሽ ደም ቢወጣ ሐኪሙ በያዘው ሌንስ ዓይኑን ለጥቂት ጊዜ ጫን ሲል ይቆማል። በአንድ ቀን ካልበሳ ሌላ ቀን መጨረስ ይሻላል፤ በግድ ተኩስ ማብዛት ቁጣውን ያባብሳል።

ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቀው ግፊትዎ ይለካ። ወደ ኮምቦልቻ የሚመለሰው መኪና ሊሄድ ነው ብሎ ሳይለኩ መውጣት የተለመደ ስሕተት ነው፤ በሌዘሩ ምክንያት ግፊት ቢወጣ የሚታየው በዚያ ሰዓት ነውና። እይታ ለጥቂት ሰዓት ስለሚደበዝዝ በዚያ ቀን ባጃጅም ሞተርም አይነዳም። ፕሬድኒሶሎን ጠብታ በቀን አራት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል ይታዘዛል።

ከሌዘር በኋላ የሚቀረው

ቀዳዳው ካልተዘጋ የብሌን መዘጋት ጥቃት አይመለስም። የሚዘጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ በቁጣና በረገፈ ቀለም ምክንያት። ስለዚህ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ቀዳዳው፣ ግፊቱና በጎኒዮስኮፒ ማዕዘኑ ይታያል። ቀዳዳው ክፍት ሆኖም ግፊቱ ከፍ ካለ ምክንያቱ አይሪሱ በጥቃቱ ጊዜ ማዕዘኑ ላይ መጣበቁ ወይም ወፍራሙ ሌንስ ነው፤ የጠብታው ወይም የቀዶ ሕክምናው ውይይት ያኔ ይከፈታል። ይህ ግፊት እንደ መጀመሪያው አያምም፤ ለዚህ ነው «አላመመኝም» ብሎ ቀጠሮ መቅረት ዓይን የሚያስከፍለው። ከወር በኋላ፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከዚያ ሁሉም ረግቶ ከቆየ በዓመት አንድ ሁለቴ ይለካል።

ጥቂት ሰዎች ከሌዘሩ በኋላ ብርሃን ሲመታቸው ቀጭን ነጭ መስመር ያያሉ፤ በቀዳዳው የሚገባ ብርሃን ነው። ቀዳዳው የት ላይ እንደሚደረግ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። ከላይ በቆቡ ሙሉ በሙሉ ሲሸፈን ወይም ወደ ጎን ሲደረግ እምብዛም አያስቸግርም፤ ቆቡ በከፊል በሚነካው ቦታ ሲሆን ግን መስመሩ ይበዛል።

ቀዳዳው ክፍት መሆኑ ሲረጋገጥ የጉንፋንና የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል፤ ይህን ሐኪሙ በካርድዎ ላይ ጽፎ እንዲሰጥዎ ያድርጉ፤ መድኃኒት ቤት «ግላኮማ ካለብዎ አልሰጥም» ሲልዎት ይረዳል። የታማሚው እኅትና ወንድም፣ ዕድሜያቸው አርባን ያለፈ ልጆችም ማዕዘናቸውን ያሳዩ፤ ሲሄዱ ጥያቄው «ግፊቴን ለኩልኝ» ብቻ ሳይሆን «ማዕዘኔን በጎኒዮስኮፒ እዩልኝ» ይሁን።